ሁለት መስመር፣ አንድ የማያልቅ ካፕቻ፦ ከጅማው ኢንተርኔት ቤቴ የተያዘ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም አይርቅም። ስድስት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን አለኝ። ኢንተርኔቱ በሁለት መስመር ይገባል፣ በፋይበርና በ4ጂ። ዛሬ አንዲት ተማሪ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ልትሞላ 3 ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠች። ጣቢያው መጀመሪያ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የምትለውን የካፕቻ ሳጥን አመጣ። ሳጥኗን ነካች፤ ትንሽ ዞረ፤ አረንጓዴ ምልክት ሰጠ። ገጹ ተከፈተ ስንል ያችው ሳጥን ተመልሳ መጣች። እንደገና ነካች፣ እንደገና አረንጓዴ፣ እንደገና ሳጥን። ሃያ ደቂቃ እንደዚህ ዞረ።

«ጋሼ፣ እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ስልኳን አውጥታ በራሷ ዳታ ሞከረችው፤ በአንድ ንክኪ አለፈች። ሒሳብ አልተቀበልኳትም።

ይቺን የስልክ ነገር እዚህ ጽፌያታለሁ፣ ግን ያን ቀን ትርጉሟ አልገባኝም። «ኮምፒውተሩ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ስልኩ ላይ የተለየው ግን ኮምፒውተሩ ብቻ አልነበረም፤ መስመሩም ሌላ ነበር።

1ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

3 ቁጥርን የጠረጠርኩት በምክንያት ነው። የሰው አካውንት የሚከፈትበት ማሽን ስለሆነ ፋየርፎክሱን ክረምት ላይ አጥብቄው ነበር። ያደረግኩት ይሄ ነው፦ ብሮውዘሩ ሲዘጋ ጣቢያዎች ያስቀመጡበት ማስታወሻ፣ ኩኪ የሚባለው፣ ሁሉ ይጠፋል፤ የሦስተኛ ወገን ኩኪ ተከልክሏል፤ about:config ውስጥ privacy.resistFingerprinting የሚለው true ሆኗል፤ በዚህ ላይ ብሮውዘሩ ራሱን በሌላ ስም እንዲያስተዋውቅ የሚያደርግ ኤክስቴንሽን ጭኜበታለሁ።

ዛሬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አጠፋኋቸው። ሞከርኩ፤ አለፈ። ደስ ብሎኝ ቡና አስፈላሁ። ከሰዓት በኋላ እዚያው ማሽን ላይ፣ እዚያው ጣቢያ ላይ፣ እንደገና መዞር ጀመረ።

ስህተቴ ግልጽ ነው። አራት ነገር በአንዴ ከነካህ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። አንድ ጊዜ ስላለፈ ብቻ «ተስተካክሏል» ማለትም ስህተት ነው።

1ኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ደብተር ገዛሁ። ከአሁን በኋላ ሙከራ ሁሉ አሥር ጊዜ ነው። ከእያንዳንዱ በፊት የጣቢያውን ኩኪ አጠፋለሁ፤ ከዚያ ያለፈውንና የዞረውን እቆጥራለሁ።

መጀመሪያ ስም የሚቀይረውን ኤክስቴንሽን ብቻ መለስኩት። ከአሥሩ አንድም አላለፈ። አወጣሁት፤ ከአሥሩ አምስት አለፈ። ይሄኛው ጥፋተኛነቱ አያከራክርም። ኤክስቴንሽኑ ጣቢያውን «እኔ አንድሮይድ ላይ ያለ ክሮም ነኝ» ይለዋል። የካፕቻው ስክሪፕት ግን ስሙን ሰምቶ ዝም አይልም። የስክሪኑን ስፋት ያያል፣ ብሮውዘሩ የትኛውን ተግባር እንደሚደግፍ ይፈትሻል፣ የሚያገኘው ፋየርፎክስ ነው። መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶና ፊቱ የማይመሳሰል ሰው ማለት ነው። ስሙን ደብቆ ከመጣ ሰው ይልቅ የሐሰት ስም ይዞ የመጣ ይበልጥ ያስጠረጥራል።

ቀጥሎ privacy.resistFingerprinting። ይሄ ቅንብር ብሮውዘሩን ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ሊያስመስለው ይሞክራል። ሰዓቱን ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ፣ ዩቲሲ ላይ አድርጎ ያሳያል፤ ገጹ ሥዕል ሥሎ መልሶ ሊያነበው ሲሞክር የተዛባ መረጃ ይሰጠዋል። ካፕቻውም ከዚህ ማሽን የሚያገኘው ምልክት ያንሰዋል። ሲበራ ከአሥሩ አራት፣ ሲጠፋ አምስት። በአሥር ሙከራ ይሄ ልዩነት ምንም አይባልም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሁሉም ጠፍቶ እንኳ ግማሹ ይዞራል። 1 ቁጥር ኮምፒውተር ላይ፣ ማንም ሴቲንግ ያልነካው ክሮም ላይ ሞከርኩ፤ ከአሥሩ ስድስት። ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው።

2ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

አይፒውን፣ ማለትም ጣቢያዎች የሚያዩኝን የኢንተርኔት አድራሻ፣ ጠረጠርኩ። የራውተሩን ገጽ ስከፍት በአንደኛው መስመር የተሰጠኝ አድራሻ በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል አቅራቢዎች ለውስጥ አገልግሎት የሚጠቀሙበት ነው። ወደ ውጭ ስወጣ ከብዙ ደንበኛ ጋር አንድ የሕዝብ አይፒ እጋራለሁ። ከእነዚያ መካከል አንዱ ኮምፒውተሩ በቫይረስ ተይዞ ቀኑን ሙሉ ጣቢያ የሚደበድብ ከሆነ መጥፎ ስሙ ለእኔም ይተርፈኛል። ይሄ እውነት ነው፤ ብዙ ካፕቻ የሚመጣበት አንዱ ምክንያትም ነው።

ስለዚህ አይፒ ለመቀየር ብዬ ራውተሩን አምስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። ለውጥ የለም።

2ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ባለሙያ ጠራሁ። 800 ብር። የብሮውዘሩን ካሽ አጸዳ፣ ዊንዶውሱን አፕዴት አደረገ፣ «ቪፒኤን ግዛ» ብሎ ሄደ።

የዶላር ካርድ ያለው ጓደኛዬ የአንድ ወር ቪፒኤን ገዛልኝ፣ 900 ብር ወጣብኝ። 1 ቁጥር ላይ ጫንኩት። የሆነው ነገር ግራ የሚያጋባ ነው፤ መዞሩ ቆመ። በቦታው ደግሞ ሌሎች ጣቢያዎች ላይ የሥዕል ፈተና ጎረፈ። የትራፊክ መብራት ምረጥ፣ አውቶብስ ምረጥ፣ ደረጃ ምረጥ፣ ገና አልጨረስክም፣ ሌላ አውቶብስ። አንድ ደንበኛ «ፈተና ክፍል ነው እንዴ የገባሁት?» ብሎ ተነሣ።

ቪፒኤኑን አወጣሁት፣ ብሩ ቀለጠ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳነበው ግን ምልክቱ ፊቴ ላይ ነበር። መዞርና መፈተን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥዕል በሥዕል ላይ ሲከመርብህ ጣቢያው አላመነህም፤ የቪፒኤን አድራሻ ሺህ ሰው ስለሚጋራው የተለመደ ነው። አረንጓዴ ምልክት ሰጥቶህ መልሶ ሲጠይቅህ ግን አምኖህ ነበር፣ ከዚያ ጠፋህበት። ቪፒኤኑ መዞሩን ያቆመው ስሜን ስላሳመረው አይደለም። ትራፊኩን ሁሉ በአንድ ቧንቧ ሰብስቦ በአንድ አድራሻ ስላወጣው ነው።

2ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

መብራት ሄደ። ጅማ ላይ ዝናብና ነጎድጓድ ሲመጣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የፋይበሩ ሣጥን ዩፒኤስ ላይ አልተሰካም፤ ጠፋ። ዋናው ራውተር፣ የ4ጂው ራውተርና ሁለት ኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ ናቸው። ሥራ በ4ጂው ብቻ ቀጠለ።

ረዳቴ «ካፕቻው ዛሬ አይዞርም» አለችኝ። ደብተሩን አወጣን። ከአሥሩ አሥር።

«በቃ፣ የፋይበሩ አይፒ ነው የተበላሸው» አልኩ። እሷ ግን «እስኪ እሱንም ለብቻው እንየው» አለች። መብራቱ ሲመለስ የ4ጂውን ኬብል ነቀልን፤ ሁሉም በፋይበር ብቻ። ከአሥሩ አሥር።

ሁለቱንም ሰካን። ከአሥሩ አምስት።

ለየብቻቸው ጤነኛ ናቸው፤ ሲጣመሩ ነው የሚታመሙት። ሁለት መስመር ያስገባሁት ሐምሌ ላይ ነው። አንዱ ሲቋረጥ ሌላው እንዲሸከም፣ ሁለቱም ሲኖሩ ደግሞ ጭነት እንዲካፈሉ ብዬ ዋናውን ራውተር፣ ማይክሮቲኩን፣ ከቪዲዮ እያየሁ ራሴ አዋቀርኩት። የራሴ እጅ ነው።

እሑድ ቤቴ ሆኜ ሳስበው ሌላም ትዝ አለኝ። ከነሐሴ ጀምሮ «ባንክ ገብቼ እያለሁ አስወጣኝ» የሚሉ ደንበኞች ነበሩ። «ኔትወርክ ነው» እያልኩ አልፌያቸዋለሁ።

3ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

መጀመሪያ ማስረጃ። ያችን ሳጥን የሚያመጣው ክላውድፍሌር የሚባል ጣቢያ ጠባቂ ድርጅት ነው። እሱ ላይ ያሉ ጣቢያዎች /cdn-cgi/trace የሚል ገጽ አላቸው፤ የሚያዩህ በየትኛው አይፒ እንደሆነ ይነግርሃል። 1 ቁጥር ላይ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ይሄን ጻፍኩ፦

```
for /L %i in (1,1,6) do @curl -4 -s https://www.cloudflare.com/cdn-cgi/trace | findstr "ip="
```

ስድስት መልስ መጣ። ሁለት የተለያየ አይፒ፣ እየተቀላቀለ። አንዱ የፋይበሩ፣ አንዱ የ4ጂው። አንድ ኮምፒውተር፣ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሰው መስሎ ይታያል።

አሁን ነገሩ ተፈታ። ያ ሳጥን ሲያሳልፍህ ብሮውዘርህ ላይ cf_clearance የሚባል ኩኪ ያስቀምጣል። የማለፊያ ወረቀት በለው። በተለመደው ቅንብር ሠላሳ ደቂቃ ያገለግላል። ግን ወረቀቱ የተጻፈው ለተፈተነው ጎብኚ ነው። በፋይበሩ አይፒ የተቀበልከውን ወረቀት በ4ጂው አይፒ ይዘህ ብትመጣ በር ላይ ያለው ዘበኛ «አንተን አላውቅህም» ሊልህ ይችላል። እንደገና ይፈትንሃል፣ እንደገና ታልፋለህ፣ ቀጣዩ ጥያቄህ ደግሞ በሌላው መስመር ይወጣል።

ግማሹ ለምን አለፈ? ብሮውዘር ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት አይከፍትም፤ የተከፈተውን ደጋግሞ ይጠቀማል። በዚያው ግንኙነት ላይ እስካለህ አይፒህ አይቀየርም። ስትቆይና ግንኙነቱ ሲዘጋ፣ ወይም ብሮውዘሩ ቲሲፒ ከሚባለው የቆየ የመገናኛ ስልት ወደ አዲሱ ክዊክ ሲሸጋገር፣ አዲስ ግንኙነት ይከፈታል፤ ያኔ ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ለዚህ ነው ረጅም ፎርም የሚሞሉት ይበልጥ የሚቸገሩት። ተማሪዋ ድርሰቷን ስትጽፍ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል፤ «አስገባ» ስትል መስመሩ ተቀይሯል።

3ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ማይክሮቲኩን ከፈትኩ። ቪዲዮው ላይ እንዳለ የገለበጥኩት መስመር ይሄ ነበር፤ ሁለተኛው 2/1 እና wan2 ይላል፦

```
per-connection-classifier=both-addresses-and-ports:2/0 new-connection-mark=wan1
```

አሠራሩ ቀላል ነው። ራውተሩ የላኪውን አድራሻ፣ የተቀባዩን አድራሻና የሁለቱንም ፖርት፣ ማለትም የግንኙነቱን የበር ቁጥር፣ ቀላቅሎ አንድ ቁጥር ያወጣል። ለሁለት ያካፍለዋል። ቀሪው 0 ከሆነ በፋይበር፣ 1 ከሆነ በ4ጂ። የላኪው ፖርት ደግሞ በእያንዳንዱ አዲስ ግንኙነት ስለሚቀየር ውጤቱም ይቀየራል። ጭነት ለማካፈል ይሄን የሚያህል የለም። አንድ ትልቅ ፋይል በብዙ ግንኙነት የሚያወርድ ሰው ሁለቱንም መስመር ያገኛል። ለካፕቻ ግን መርዝ ነው።

both-addresses ወደሚለው ቀየርኩት። ፖርት ወጣ፤ የቀረው ላኪና ተቀባይ ብቻ ነው። ያ ትእዛዝ አሁን ስድስቱንም ጊዜ አንድ አይፒ ሰጠኝ። «ጨረስን» አልኩ።

ከአሥሩ ስምንት።

3ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ሁለቷ ለምን ዞሩ? ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፣ ጠዋት የጣቢያ ስም የትኛው አይፒ እንዳለው በሚያሳየው nslookup ፈተሽኩ። የጣቢያው ስም ሁለት አይፒ አለው፤ አንዱ በ104.21፣ ሌላው በ172.67 የሚጀምር። ለእኔ ራውተር እነዚህ ሁለት የተለያዩ ተቀባዮች ናቸው። ብሮውዘሩ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ከመረጠ ቀሪው ሊለያይና መስመሩ ሊቀየር ይችላል።

ሌላም አለ። ተርንስታይል የሚባለው የክላውድፍሌር ሳጥን ፎርም ውስጥ ሲቀመጥ የሚጫነው ከ challenges.cloudflare.com ነው፤ ፎርሙ የሚላከው ግን ወደ ጣቢያው ነው። ሳጥኑን በአንደኛው አይፒ ፈትቼ ፎርሙን በሌላው ልልክ እችላለሁ። የጣቢያው ባለቤት ማረጋገጫውን ወደ ኋላ ሲልክ remoteip የሚል ተጨማሪ መረጃ ማያያዝ ይችላል፤ ግዴታ አይደለም። ያያያዘ ጣቢያ ላይ ሁለት የተለያየ አድራሻ መታየቱ ለእኔ ጥሩ አይደለም። የትኛው ጣቢያ እንደሚያያይዝ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

የትናንቱ ሙከራዬም አሞኝቶኛል። አንድ ጣቢያ ብቻ ደጋግሜ ጠየቅኩ። መጠየቅ የነበረብኝ የተለያዩ አድራሻዎችን ነበር፦

```
curl -4 -s https://1.1.1.1/cdn-cgi/trace | findstr "ip="
curl -4 -s https://www.cloudflare.com/cdn-cgi/trace | findstr "ip="
```

አንደኛው የፋይበሩን፣ ሁለተኛው የ4ጂውን አይፒ መለሰልኝ።

3ኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

የገበያ ቀን ስለሆነ ሥራ በዛ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከዘጋሁ በኋላ ነው የነካሁት። አሁን ላኪውን ብቻ፦

```
per-connection-classifier=src-address:2/0 new-connection-mark=wan1
per-connection-classifier=src-address:2/1 new-connection-mark=wan2
```

አንድ ኮምፒውተር የትም ይሂድ የት በአንድ መስመር ብቻ ይወጣል። መጀመሪያ ስሞክር አንዳንዱ ገጽ አሁንም በድሮው መስመር ወጣ፤ የተከፈቱ ግንኙነቶች የድሮ ምልክታቸውን ይዘው ስለሚቀጥሉ ነው። አጸዳኋቸው፦

```
/ip firewall connection remove [find]
```

ይሄን ደንበኛ ባለበት ሰዓት እንዳትሠሩት፤ የሁሉም ሰው ግንኙነት ይቋረጣል።

1 ቁጥር፦ ከአሥሩ አሥር። 3 ቁጥር፦ አሥር። 5 ቁጥር፦ አሥር። ሌሊት 5 ሰዓት ሆኖ ነበር ወደ ቤት ስሄድ።

3ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ዋጋው ታየ። ስሌቱ ስድስቱን ኮምፒውተር ሦስት ለሦስት አላካፈላቸውም፤ አምስቱ 4ጂው ላይ ወደቁ፣ ፋይበሩ አንድ ኮምፒውተር ይዞ ተኝቷል። ከሰዓት ላይ ሁሉም ተንቀራፈፈ። ብዙ መቶ ስልክ ያለበት ቦታ ቢሆን ስሌቱ በራሱ ይመጣጠን ነበር። ስድስት ማሽን ላይ ግን ዕድል ነው።

ስለዚህ ስሌቱን ተውኩት። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ቋሚ የውስጥ አድራሻ ሰጠሁ፣ ሁለት ዝርዝር ሠራሁ። 1፣ 2፣ 3 እና 4 ቁጥር በፋይበር፤ 5ና 6 ቁጥር ከደንበኞች ዋይፋይ ጋር በ4ጂ። በእጅ የተሠራ ነው፣ ግን አውቀዋለሁ። ቋሚ አድራሻው ግድ ነው፤ አለዚያ አንድ ኮምፒውተር ነገ ሌላ አድራሻ ይዞ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ባንክ ገብቶ የሚወጣም ሰው ከሐሙስ ወዲህ አልሰማሁም።

4ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

አሁን መስመሩ ስለረጋ የ3 ቁጥርን ጥንቃቄዎች አንድ በአንድ መለስኩ። በዚያ ግርግር ውስጥ የለካሁት ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ከዜሮ ጀመርኩ።

ሲዘጋ ኩኪ ማጥፋት፦ አሥር ከአሥር። እንዲያውም ለኢንተርኔት ቤት የግድ ነው። ጉዳቱ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ ደንበኛ በተቀመጠ ቁጥር ሳጥኗ አንድ ጊዜ ትመጣለች። የሦስተኛ ወገን ኩኪ መከልከል፦ አሥር። ኩኪ ጭራሽ መከልከል፦ ዜሮ። ይሄ አያስገርምም፤ የማለፊያ ወረቀቱን የሚያስቀምጥበት ኪስ የለውም። መልኩም ከመስመሩ ችግር ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ አረንጓዴ ከዚያ እንደገና ሳጥን። ልዩነቱ መደበኛነቱ ላይ ነው። ኩኪ ሲከለከል ሁልጊዜ ይዞራል፤ መስመር ሲቀያየር አንዳንዴ።

ስም ቀያሪው ኤክስቴንሽን፦ አሁንም ዜሮ። ለዘላለም ተሰናብቷል። privacy.resistFingerprinting፦ ሰባት። ከሦስቱ ሁለቱ የዞሩት እዚያው ሳጥኑ ላይ ነው፤ አረንጓዴው ሳይመጣ። አጠፋሁትና የፋየርፎክሱን የክትትል መከላከያ «ጥብቅ» ላይ አደረግኩት፤ አሥር። ለእኔ ደንበኛ ይሄ ይበቃል። ለራሱ ማሽን ሲሆን ሌላ ሰው ሌላ ሊመርጥ ይችላል፤ በሳምንት ሁለት ሳጥን የሚታገሥ ያብራው።

4ኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ወጪ ደመርኩ። ባለሙያ 800፣ ቪፒኤን 900፣ ደብተር 60። ያልተቀበልኩት ሒሳብ ወደ 1,200 ብር ይሆናል። መፍትሔው ራሱ ምንም አላስወጣም።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። መብራት ሲሄድ ፋይበሩ ይጠፋል፣ የ1 እና የ2 ቁጥር ትራፊክ በሙሉ ወደ 4ጂው ይዛወራል፤ ዩፒኤስ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው። ያኔ አይፒያቸው ይቀየራል፣ ሳጥኗ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ታልፋለህ። መብራቱ ሲመጣ ግን ራውተሩ ወዲያው ወደ ፋይበር ይመልሳቸዋል፣ ሁለተኛ ጊዜ። ትናንት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፤ 2 ቁጥር ላይ የነበረው መምህር አራት ጊዜ ሰው መሆኑን አረጋገጠ።

ለፋይበሩ ሣጥን ትንሽ የዲሲ ዩፒኤስ እየጠየቅኩ ነው። የ12 ቮልት ነው፣ አስማሚው ላይ 1 አምፔር ይላል። ገበያ ላይ ያገኘሁት 3,500 ይሉኛል፣ አልተስማማንም። እስከዚያው 1ና 2 ቁጥርን ከፋይበሩ ዝርዝር አውጥቼ ወደ 4ጂው አዛወርኳቸው፤ 5ና 6 ቁጥር በምትካቸው ፋይበር ገቡ። መብራት ሲሄድ የሚሠሩት ሁለቱ ማሽኖች ከመጀመሪያውም 4ጂ ላይ ናቸው፣ አይፒያቸው አይነካም። ረጅም ፎርም ያለውን ሰው ረዳቴ እዚያ ታስቀምጠዋለች።